ከጅራቱ መጀመር፦ የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ፈረንሳይኛ ሲሆን ቅደም ተከተሉ የት ላይ ይበላሻል?

ፈረንሳይ አገር በገባሁ በመጀመሪያው ዓመት ነው። አብሮኝ የሚሠራ ልጅ ማታ ደወለልኝና «ሐሙስ አልመጣም፣ ለአለቃችን ንገርልኝ» አለኝ። በማግስቱ ጠዋት ለአለቃው ነገርኩት። በጭንቅላቴ ውስጥ የነበረው አማርኛ «ሐሙስ አልመጣም አለ» የሚል ነበር። ከአፌ የወጣው ፈረንሳይኛ ደግሞ «ኢላ ዲ ከ ዠ ነ ቪያን ፓ ዠዲ» ነው። አለቃው እርሳስ አነሳና ግድግዳው ላይ ከተለጠፈው የሥራ ሰሌዳ የሐሙስን ስም ሰረዘ። የሰረዘው የእኔን ስም ነው። ሐሙስ ስገባ በቦታዬ ሌላ ሰው ቆሞ አገኘሁ።

ቃላቱ ትክክል ነበሩ። አነጋገሬም ተሰምቷል። የተሳሳተው የዓረፍተ ነገሩ አሠራር ነው። የተናገርኩት «እኔ ሐሙስ እንደማልመጣ እሱ ተናግሯል» የሚል ሆኖ ነበር። ከዚያ በኋላ ፈረንሳይኛ የሚማሩ አበሾችን ለዓመታት ሳስጠና ያየሁት ይህንኑ ነው። ጀማሪው «እኔ ዳቦ እበላለሁ»ን ወደ «ዠ ማንዥ ዱ ፓን» ለመገልበጥ ብዙ አይቸገርም። ግሡን ወደ መሐል ማምጣት በሁለት ሳምንት ይለመዳል። የሚያስቸግረው ግሡ ላይ የተለጠፈው ነገር ነው። አማርኛ ግሥ ብቻውን አይሄድም። ባለቤቱን፣ ተሳቢውን፣ አሉታውን፣ አያያዡን ሁሉ ተሸክሞ መጨረሻ ላይ ይቀመጣል። ፈረንሳይኛ ደግሞ እያንዳንዱን ነቅሎ የየራሱ ቦታ ይሰጠዋል።

ስለዚህ ዘዴዬ አንድ ነው፤ ከጅራቱ መጀመር። መጨረሻ ላይ ያለውን ግሥ ያዙ፣ ልጡት፣ ከዚያ ወደ ኋላ እየተመለሳችሁ ሌላውን ደርድሩ። ከታች የማሳየው በአንድ ዓረፍተ ነገር ላይ ነው፤

«ትናንት ለገሃር ያገኘኋት የጓደኛዬ እህት ስላመመኝ ሰኞ ሥራ አልገባም አለችኝ።»

ማንኛችንም በቀን አሥር ጊዜ የምንናገረው ዓይነት ነው። ነገር ግን የአማርኛና የፈረንሳይኛ ልዩነት ከሞላ ጎደል ሁሉም እዚህ ውስጥ አለ። የፈረንሳይኛውን ቃል በፊደላችን የጻፍኩት የምንነጋገረው ስለ ቅደም ተከተል ስለሆነ ነው። ቅደም ተከተል ደግሞ መጀመሪያ በጆሮ ነው የሚያዘው። የቃላቱን አጻጻፍ ከመማሪያችሁ ላይ አመሳክሩ።

አንደኛ፦ የመጨረሻውን ግሥ ልጡት

የምሳሌያችን የመጨረሻ ቃል «አለችኝ» ነው። አንድ ቃል ይመስላል። ሲላጥ ግን ሦስት ነገር ይወጣዋል። «አለ» ድርጊቱ ነው። «ች» ባለቤቷ እሷ መሆኗን ይናገራል። «ኝ» ደግሞ የተነገረኝ እኔ መሆኔን። ፈረንሳይኛው እነዚህን ሦስቱን ነጥሎ ይደረድራቸዋል፤ «ኤል ማ ዲ»። እሷ፣ ለእኔ፣ አለች።

መጀመሪያ ባለቤቱን አውጡ። እኛ «ሄድኩ» ስንል «እኔ» ማለት አያስፈልገንም፤ «ኩ» ይበቃል። ፈረንሳይኛ ውስጥ ባለቤት ከሌለ ዓረፍተ ነገሩ ቆሞ አይሄድም። «ከባድ ነው» ለማለት «ኤ ዲፊሲል» የሚል ተማሪ ብዙ አለ። «ሴ ዲፊሲል» ነው መሆን ያለበት። ማንም ባለቤት የሌለበት በሚመስል ቦታ እንኳ አንድ ነገር ከፊት ይቀመጣል።

ቀጥሎ ተሳቢው ይመጣል። እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነውና።

«አልማዝን አየሁ» ስንል ስሙ ከግሡ በፊት ነው። ፈረንሳይኛው ከግሡ በኋላ ያደርገዋል፤ «ዤ ቩ አልማዝ»። ይህን ሁሉም ያውቀዋል። አሁን ስሟን ትተን «አየኋት» እንበል። «ት» ከግሡ በኋላ ናት። ፈረንሳይኛው ደግሞ ከግሡ በፊት ይወስዳታል፤ «ዠ ሌ ቩ»። አያችሁ? ነገሩ በመስታወት እንደሚታይ ምስል ግልብጥ ነው። ስም ሲሆን እኛ ከፊት፣ እነሱ ከኋላ። ተውላጠ ስም ሲሆን እኛ ከኋላ፣ እነሱ ከፊት።

«ፈረንሳይኛ ባለቤት፣ ግሥ፣ ተሳቢ ነው» የሚለውን ሕግ የሸመደደ ሰው «አየዋለሁ» ለማለት «ዠ ቯ ለ» ይላል። ሕጉን አክብሯል፣ አማርኛውም «ው»ን ከኋላ ስላስቀመጠለት ልክ መስሎት ያልፋል። ትክክሉ «ዠ ለ ቯ» ነው። እኔ ለተማሪዎቼ የምላቸው ይህን ነው፤ ትንሹ ቃል ከግሡ ፊት ይሮጣል፣ ትልቁ ቃል ከኋላ ይከተላል። ትእዛዝ ላይ ብቻ እንደ እኛው ይሆናል። «ስጠኝ» «ዶን ሟ» ነው። እሱም አሉታ ሲሆን ትንሹ ቃል ተመልሶ ወደ ፊት ይሄዳል።

ሁለተኛው የተሳቢ ስህተት ድግግሞሽ ነው። አማርኛ «አልማዝን አየኋት» ይላል። ስሟም አለች፣ «ት»ም አለች። ለእኛ ምንም ክፋት የለውም፤ እንዲያውም እንዲህ ስንል ነው የሚያምርብን። ወደ ፈረንሳይኛ ሲገለበጥ «ዠ ሌ ቩ አልማዝ» ይሆናል፤ ልክ አይደለም። ወይ ስሟ ወይ ትንሹ ቃል፤ አንዱ ይበቃል። «ግን እኮ ፈረንሳዮቹ ራሳቸው እንዲህ ሲሉ ሰምቻለሁ» ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፤ በንግግር ላይ ይላሉ። ያኔ ግን ከስሟ በፊት ድምፅ ይቆረጣል፣ ሲጻፍም ነጠላ ሰረዝ ይገባል። ማንን ለማለት እንደፈለጉ በኋላ እንደማስታወስ ነው። ያንን ዜማ በጆሯችሁ እስክትይዙት ድረስ አንዱን ብቻ ተጠቀሙ። በጽሑፍና በፈተና ላይ ደግሞ ሁልጊዜም አንዱን።

ሁለተኛ፦ አሉታውን ሁለት ላይ ክፈሉት

ምሳሌያችን ውስጥ «አልገባም» አለ። እዚህ ላይ አማርኛ ተናጋሪ መሆናችን ይጠቅመናል። የእኛ አሉታ ሁለት ጫፍ አለው፤ ከፊት «አል»፣ ከኋላ «ም»። የፈረንሳይኛውም እንደዚሁ ነው፤ ከፊት «ነ»፣ ከኋላ «ፓ»። «አልበላም»፣ «ዠ ነ ማንዥ ፓ»። ግሡ በሁለቱ መሐል ሳንድዊች ይሆናል። እንግሊዝኛ ብቻ ከሚያውቅ ተማሪ ይልቅ እኛ ይህን ቶሎ እንይዘዋለን።

ችግሩ የሚመጣው ኃላፊ ጊዜ ላይ ነው። «አላየሁትም» የሚለውን እንላጥ። «አል» አለ፣ «አየ» አለ፣ «ሁ» ማለት እኔ ነው፣ «ት» እሱን ነው፣ «ም» ይዘጋዋል። በአማርኛ «ም» የሁሉም መጨረሻ ስለሆነ ተማሪው «ፓ»ንም መጨረሻ ላይ ያደርገዋል። «ዠ ነ ሌ ቩ ፓ» ይላል። ፈረንሳይኛው ግን ኃላፊ ጊዜን በሁለት ቃል ይሠራል፤ ረዳት ግሥና ዋና ግሥ። አሉታው የሚያቅፈው ረዳቱን ብቻ ነው። ስለዚህ «ዠ ነ ሌ ፓ ቩ» ነው። «ፓ» ከረዳቱ ጋር ትቆማለች፣ «ቩ» ከውጭ ይቀራል።

አንድ ነገር ልጨምር። እኛ «የመጣው» ሲባል ወደ አሉታ ስንለውጠው «ያልመጣው» እንላለን። «ም» ጠፋ። ዋናው ዓረፍተ ነገር ላይ ካልሆነ አማርኛ «ም»ን ይጥላታል። ፈረንሳይኛ ግን «ፓ»ን በዚያም ቦታ አይጥልም። «ያልመጣው ሰው» ሲሆን «ሎም ኪ ኔ ፓ ቨኑ» ይባላል። በንግግር ቶሎ ቶሎ ሲሉ የምትጠፋው የፊተኛዋ «ነ» ናት። ማለትም እነሱ የሚጥሉት «አል»ን ነው፣ እኛ የምንጥለው «ም»ን።

ሦስተኛ፦ «አለ» የሚለው ቃል ካለ ሰውን ቀይሩ

አለቃዬ ስሜን የሰረዘበት ስህተት ይኸው ነው።

በአማርኛ ሰው የተናገረውን ስናቀርብ እንዳለ፣ በራሱ አፍ እናቀርባለን። «አልገባም አለችኝ።» የማትገባው ማን ናት? እሷ ናት። ነገር ግን «አልገባም» ላይ ያለው ባለቤት «እኔ» ነው። ማንም አበሻ አይደናገርም፤ መጨረሻ ላይ «አለችኝ» መጥታ የተናጋሪዋን ማንነት ትነግረናለች። ምሳሌያችን ላይ «ስላመመኝ» የሚለውም የእሷ ነው፣ የእኔ አይደለም። በአንጻሩ መጨረሻ ላይ ያለው «ኝ» እኔው ራሴ ነኝ። በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሁለት የተለያዩ «ኝ»ዎች አሉ ማለት ነው።

ይህ የአማርኛ ጠባይ የቋንቋ ምሁራንን ሲያነጋግር የቆየ ነው። ፊሊፕ ሽሌንከር የተባለ ፈረንሳዊ የቋንቋ ምሁር በ2003 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት ላይ «ጆን ጀግና ነኝ ይላል» የሚለውን የአማርኛ ዓረፍተ ነገር አቅርቧል። «ነኝ» የሚለው ጆንን ነው፣ ዓረፍተ ነገሩን የሚናገረውን ሰው አይደለም። በፈረንሳይኛ ይህ አይሠራም። «ከ» የሚለው አያያዥ ከገባ በኋላ «ዠ» ማለት ሁልጊዜ አሁን የሚናገረው ሰው ነው።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ። ከ«አለ»፣ «ነገረኝ»፣ «ብሎ» ፊት ያለውን ክፍል ለዩት። በውስጡ ያለውን እያንዳንዱን «እኔ» ፈልጉ። እያንዳንዱ ላይ «ይህ እኔ ነኝ ወይስ ተናጋሪው?» ብላችሁ ጠይቁ። ተናጋሪው ከሆነ «እሱ» ወይም «እሷ» አድርጉት። «አልገባም» የሚለው «ኤል ኒራ ፓ» ይሆናል። «ስላመመኝ» የሚለው ደግሞ «ኤል ኤ ማላድ»። በተጨማሪም አማርኛው «አመመኝ» ሲል ሰውየውን ተሳቢ ያደርገዋል፤ ፈረንሳይኛው ባለቤት ያደርገዋል። «ራበኝ»ም እንደዚሁ ነው። እኛን ራብ ይይዘናል፣ እነሱ ራብ አላቸው፤ «ዤ ፋን»።

ይህ ስህተት መፈጸሙን የምታውቁበት መንገድ አለ። የምታነጋግሩት ሰው «ኪ ሳ?» ብሎ ከጠየቃችሁ፣ «ማን?» ማለቱ ነው። ቃሉ አልጠፋውም። ሰውየው ነው የጠፋው። ያኔ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ ያንኑ አትድገሙት። ስሙን ጥሩና እንደገና ጀምሩ።

አራተኛ፦ «የ» ያለበትን ሁሉ ገልብጡ

አሁን ባለቤቷ ዘንድ ደረስን፤ «ትናንት ለገሃር ያገኘኋት የጓደኛዬ እህት»። አማርኛ ገላጩን ሁሉ ከፊት ደርድሮ ዋናውን ስም መጨረሻ ላይ ያመጣዋል። ፈረንሳይኛ ዋናውን ስም ይጠራና ገላጩን ከኋላ ያስከትላል።

በአጭሩ ጀምሩ። «የወንድሜ ሚስት ቤት» እንበል። በፈረንሳይኛ «ላ ሜዞን ደ ላ ፋም ደ ሞን ፍሬር» ነው። ቤቱ፣ የሚስቱ፣ የወንድሜ። ፍጹም ግልብጥ ነው። ልብ በሉ፤ «የ» እና «ደ» የሚለጠፉት በአንድ ዓይነት ቃል ላይ ነው። «የወንድሜ» ማለት «ደ ሞን ፍሬር» ነው፤ ውስጡ አይነካም። የሚቀየረው የጥቅሎቹ ተራ ብቻ ነው። ይህን ያልያዘ ተማሪ ወይ «ደ ሞን ፍሬር ላ ሜዞን» ይላል፣ ወይም ከተራው ጋር «ደ»ንም አንስቶ «ሞን ፍሬር ደ ላ ሜዞን» ይላል። የኋለኛው «የቤቱ ወንድሜ» የሚል ይሆናል፤ ከመጀመሪያው የባሰ ነው።

ስለ መስተአምር፣ ማለትም ስለ «ላ» እና «ለ»፣ አንድ ትዝታ ላንሳ። እኛ «ቤቱ» ስንል መለያው ከኋላ ነው። የእነሱ ከፊት ነው። ለዚህ ከአዲስ አበባ የተሻለ አስታዋሽ የለም። የጅቡቲው ባቡር በ1917 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ሲገባ ጣቢያውን ፈረንሳዮቹ «ላ ጋር» አሉት። ጋር ጣቢያ ነው፣ «ላ» ደግሞ መለያው። እኛ የቃሉ አካል መስሎን አብረን ዋጥነው፤ ለገሃር ሆነ። ፈረንሳይኛ ስም ስታጠኑም እንዲሁ አድርጉ። ስሙን ብቻውን አታጥኑት፣ ከነ«ላ»ው ወይም ከነ«ለ»ው ዋጡት።

አሁን ወደ ከባዱ «የ» እንሂድ። «የገዛሁት መጽሐፍ» ስንል «የ» ግሥ ላይ ተለጥፋለች። ፈረንሳይኛው እንደገና ስሙን ያስቀድማል፤ «ለ ሊቭር ከ ዤ አሽቴ»። መጽሐፉ፣ «የ»፣ ገዛሁ። ተራውን ሁሉም ይይዘዋል። የሚሳሳቱት «የገዛሁት» ላይ ባለችው «ት» ነው። «ት» መጽሐፉን ነው የምታመለክተው። ተማሪውም እሷን ለመተርጎም «ለ ሊቭር ከ ዠ ሌ አሽቴ» ይላል። ይህን ስህተት አሥር ዓመት ፈረንሳይ ከኖሩ ሰዎችም ሰምቼዋለሁ። «ከ» የሚለው ቃል ራሱ የመጽሐፉን ቦታ ይዟል። ስለዚህ በ«የ» የሚጀምር ግሥ ስትገለብጡ መጨረሻው ላይ ያለውን «ት» ወይም «ው» የሚለውን ተሳቢ ጣሉት።

ሌላው ጥያቄ «ኪ» ነው ወይስ «ከ» የሚለው ነው። በአማርኛ ሁለቱም «የ» ስለሆኑ ልዩነቱ አይሰማንም። መለያው ግን እዚያው ግሡ ላይ ተጽፏል። «የመጣው ሰው» ላይ የመጣው ማን ነው? ሰውየው ራሱ። እሱ ራሱ ድርጊቱን ከፈጸመ «ኪ» ነው፤ «ሎም ኪ ኤ ቨኑ»። «ያየሁት ሰው» ላይ ያየው ማን ነው? እኔ። ሌላ ሰው ከፈጸመው «ከ» ነው፤ «ሎም ከ ዤ ቩ»። ከ«ኪ» ቀጥሎ ግሥ ይመጣል፣ ከ«ከ» ቀጥሎ ሌላ ባለቤት ይመጣል። «ከ» ብላችሁ ቀጥታ ግሥ ከተከተለ፣ የሆነ ነገር ጎድሏል ብላችሁ ቁሙ።

በዚህ መንገድ ባለቤታችን «ላ ሰር ደ ሞን አሚ፣ ከ ዤ ራንኮንትሬ ዬር ኣ ላ ጋር» ሆነች። እህቲቱ፣ የጓደኛዬ፣ ያገኘኋት፣ ትናንት፣ ለገሃር። «ት» ወድቃለች።

ቅጽልን በአንድ ቃል ልለፈው። «ቀይ መኪና» «ቯቱር ሩዥ» ነው፤ ተገለበጠ። ትንሽ፣ ትልቅ፣ ጥሩ፣ መጥፎ፣ ቆንጆ፣ ወጣት፣ አሮጌ፣ አዲስ የሚሉት ጥቂት የዘወትር ቃላት ግን እንደ እኛው ከፊት ይቀራሉ። እነሱን ሸምድዷቸው፣ ሌላውን ከኋላ አድርጉ።

አምስተኛ፦ ምክንያቱን ወደ ኋላ ውሰዱ

«ስላመመኝ ሥራ አልገባም።» አማርኛ ምክንያቱን ነው የሚያስቀድመው። ፈረንሳይኛ በአብዛኛው የሆነውን ነገር ይናገርና «ፓርስ ከ» ብሎ ምክንያቱን ያስከትላል። «ኤል ኒራ ፓ ኦ ትራቫይ፣ ፓርስ ኬል ኤ ማላድ።»

እዚህ ላይ የሚሠራው ስህተት የአያያዡ ቦታ ነው። የእኛ «ስለ» የተለጠፈችው በምክንያቱ መጨረሻ ላይ ባለው ግሥ ላይ ነው። ስለዚህ ሁለቱን ሐሳቦች የምታገናኘው መሐል ላይ ሆና ነው የምትሰማን። ተማሪውም የአማርኛውን ተራ ሳይነካ «ኤል ኤ ማላድ፣ ፓርስ ኬል ኒራ ፓ ኦ ትራቫይ» ይላል። ይህ «የታመመችው ሥራ ስለማትገባ ነው» ማለት ነው። ምክንያትና ውጤት ቦታ ተለዋወጡ። «ፓርስ ከ» ሁልጊዜ ከምክንያቱ ፊት ትቆማለች። ስትጠራጠሩ «ፓርስ ከ»ን «ምክንያቱም» በሚለው ቃል ተርጉሙት። «ምክንያቱም» በአማርኛም ከፊት የሚቆም ስለሆነ ቦታውን ያሳያችኋል።

ምክንያቱን ማስቀደም ግድ ከሆነባችሁ ሌላ ቃል አለ፤ «ኮም»። «ኮም ኤል ኤ ማላድ፣ ኤል ኒራ ፓ ኦ ትራቫይ።» ይህ የአማርኛውን ተራ እንዳለ ይጠብቃል። አማርኛ ተናጋሪ ሊወደው የሚገባ ቃል ነው።

ስድስተኛ፦ ገጣጥሙት

አሁን ያገኘነውን እንደርድር። ባለቤቷ «ላ ሰር ደ ሞን አሚ»። ገላጯ «ከ ዤ ራንኮንትሬ ዬር ኣ ላ ጋር»። የተላጠው የመጨረሻ ግሥ «ማ ዲ»። የተናገረችው «ኬል ኒራ ፓ ኦ ትራቫይ ለንዲ»። ምክንያቱ «ፓርስ ኬል ኤ ማላድ»። አንድ ላይ፤

«ላ ሰር ደ ሞን አሚ፣ ከ ዤ ራንኮንትሬ ዬር ኣ ላ ጋር፣ ማ ዲ ኬል ኒራ ፓ ኦ ትራቫይ ለንዲ፣ ፓርስ ኬል ኤ ማላድ።»

ባለቤቷ በስም ስለተጠራች ከ«ማ ዲ» ፊት «ኤል» አልደገምንም። የአማርኛው የመጨረሻ ቃል «አለችኝ» መሐል ላይ ገብቷል። የአማርኛው የመጀመሪያ ቃል «ትናንት» ደግሞ ከእህቲቱ በኋላ ወርዷል። ለንግግር ይህ ይበቃል። በመደበኛ ጽሑፍ ላይ «ማ ዲ» ኃላፊ ስለሆነ ከእሱ በኋላ ያሉት ግሦችም ጊዜያቸውን ይቀይራሉ፤ እሱ ግን የቅደም ተከተል ጉዳይ አይደለም።

ይህን ያህል ረጅም ነገር በአንድ ትንፋሽ መናገር ግድ አይደለም። አማርኛ ብዙ ድርጊት በአንድ ገመድ ላይ ይሰካል፤ «ተነስቼ፣ ቁርስ በልቼ፣ ልጁን ትምህርት ቤት አድርሼ ሄድኩ።» እነዚህን «ቼ»ዎች አንድ በአንድ ለመተርጎም የሞከረ ሰው መሐል ላይ ይጠፋል። እያንዳንዱን የራሱ ባለቤትና ጊዜ ያለው ሙሉ ግሥ አድርጉት። ተነሳሁ፣ ቁርስ በላሁ፣ ልጁን አደረስኩ፣ ከዚያም ሄድኩ። አማርኛው ላይ አጭርና የተቆራረጠ ይመስላል። ፈረንሳይኛው ላይ ግን ንጹሕ ነው።

ጥያቄ ላይ ያለው ልዩነት ቀላል ነው። «አንተ የት ትሄዳለህ?» ስንል «የት» ከግሡ በፊት፣ ከባለቤቱ በኋላ ናት። «ቱ ኡ ቫ?» የሚለው ስህተት የሚመጣው ከዚህ ነው። ወይ «ኡ»ን ፊት አውጥታችሁ «ኡ ኤስ ከ ቱ ቫ?» በሉ፣ ወይም በጓደኛ ወግ መጨረሻ ላይ አድርጋችሁ «ቱ ቫ ኡ?» በሉ። መሐል ላይ ብቻ አትተዉት።

ለልምምድ የማሠራው ነገር አለ። ማታ ስልካችሁን ክፈቱና ለሰው የላካችሁትን አንድ የአማርኛ መልእክት ምረጡ። እውነተኛ መልእክት ይሁን፤ ከመጽሐፍ የተወሰደ አማርኛ ቀድሞውንም የተስተካከለ ስለሆነ አያስተምርም። የመጨረሻውን ግሥ አስምሩበት፣ ልጡት፣ ከዚያ «የ» ያለበትን ሁሉ አክብቡ። ፈረንሳይኛውን በቃል ተናገሩት እንጂ ወዲያው አትጻፉት። ከዚያ መልሳችሁ ወደ አማርኛ ገልብጡት። የተመለሰው አማርኛ «እኔ»ው ማን እንደሆነና ምክንያቱ የቱ እንደሆነ ከመጀመሪያው ጋር ከተስማማ፣ ፈረንሳይኛው ቆሟል።

አንድ እዚሁ እንሞክር። «የአጎቴ ልጅ የገዛችው መኪና ስለተበላሸ አረፈድኩ።» የመጨረሻው ግሥ «አረፈድኩ» ነው፤ ባለቤቱ እኔ። በእሱ እንጀምራለን፤ «ዠ ስዊ ኦን ርታር»። ምክንያቱ ይከተላል፤ «ፓርስ ከ»። የተበላሸው ምንድን ነው? መኪናው፤ «ላ ቯቱር»። የገዛው ሌላ ሰው ስለሆነ «ከ»። ገዢዋ የአጎቴ ልጅ ስለሆነች ትገለበጣለች፤ «ላ ፊይ ደ ሞን ኦንክል»። ገዛችው፣ ያለ «ው»፤ «ኣ አሽቴ»። ተበላሽቷል፤ «ኤ ኦን ፓን»።

«ዠ ስዊ ኦን ርታር፣ ፓርስ ከ ላ ቯቱር ከ ላ ፊይ ደ ሞን ኦንክል ኣ አሽቴ ኤ ኦን ፓን።»